የቃለ መጠይቅን ዋና ጉዳይ በቃላት ቆጠራ መለየት



የቃለ መጠይቅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ፣ ተናጋሪው አብዝቶ ያነሣው ጉዳይ የቱ እንደሆነ በቃላት ቆጠራ መመርመር ይቻላል። በአማርኛ ግን ቆጠራው ጥንቃቄ ይሻል።

ስለ 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የተጠየቁ አንድ አዛውንት ገበሬን በምሳሌነት እንውሰድ። በጽሑፉ ውስጥ «መሬት» የሚለውን ስንፈልግ 9 ጊዜ ተገኘ እንበል። «መሬቱ»፣ «መሬቴ»፣ «መሬታችን» ግን አልተቆጠሩም፤ የመጨረሻው ፊደል «ት» ወደ «ቱ»፣ «ቴ»፣ «ታ» ተለውጧልና። የማይለወጠውን «መሬ» ብንፈልግ ቁጥሩ 31 ይደርሳል። በአንጻሩ «በሬ» ብለን ብንፈልግ «ገበሬ» የሚለውም አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ የተገኘውን ሁሉ ከነዐረፍተ ነገሩ ማንበብ ግድ ነው።

ቀጥሎ የጠያቂው ንግግር ይወጣል። ከ31ዱ 19ኙ የጠያቂው ቢሆኑ፣ ለአዛውንቱ የሚቀረው 12 ብቻ ነው። «በሬ» ደግሞ ተጣርቶ 14 ጊዜ፣ ሁሉም በእርሳቸው አንደበት ተነግሮ ቢገኝ፣ ሚዛኑ ይለወጣል። በተለይ ስለ ቤተሰብና ስለ ድርቅ ሲጠየቁም ወደ በሬ ከተመለሱ፣ ጉዳዩ የራሳቸው ነው ለማለት ያስደፍራል።

ሆኖም ሰው እጅግ የከበደውን ነገር በስሙ ላይጠራው ይችላል፤ «ያ ነገር» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም ዝም ይላል። ይህን ቆጠራ አያገኘውም። በመሆኑም በየቃሉ አጠገብ ደቂቃው ተመዝግቦ፣ ወደ ድምፁ ተመልሶ ማድመጥ ያስፈልጋል።