«አልማዝ ነኝ፣ ስለ ቼኩ ነበር...»
(ለአባላት ወርኃዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የሂሳብ ሪፖርት አላቀርብም፤ እሱ በሚቀጥለው ወር ይደርሳል። የማነሣው በማኅበራችን ስልክ ላይ ስለሚቀሩ የድምፅ መልእክቶች ነው፤ በተለይም ስም ተነግሮ፣ ሁለት ሦስት ቃል ተሰምቶ ተቆርጠው ስለሚቀሩት። ስልኩ በየተራ በእያንዳንዳችን እጅ ስለሚያልፍ ሁላችሁንም ይመለከታል።

አንዱን ልንገራችሁ። ስሟን አልማዝ እንበላት፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ አልማዝ ነኝ፣ ስለ ቼኩ ነበር፣ ባንኩ...» በቃ፣ ተቆረጠ። ርዝመቱ 8 ሴኮንድ ነው።

የመጀመሪያው ነገር አለማጥፋት ነው። ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ስሙትና የሰማችሁትን ቃል በቃል ጻፉ፤ የገባችሁን ሳይሆን የሰማችሁትን። «ባንኩ ቼኩን መለሰው» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ መልእክቱ ውስጥ የሌለ ነገር ጨምራችኋል፤ ቀጥሎ ማስታወሻውን የምታነብ እህት እንደ እውነት ትይዘዋለች። ስልኩ ራሱ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውንም አትመኑት። በእኛ ስልክ አማርኛውን በማይገናኙ የእንግሊዝኛ ቃላት ይተካዋል። አንዳንዴ ያስቃል፣ ግን ለሥራ አይሆንም።

ከዚያ አቆራረጡን ልብ በሉ። ድምፁ በቃሉ መካከል ድንገት ከጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ መስመሩ ነው የተበጠሰው፤ ደዋይዋ ምድር ቤት ወይም አሳንሰር ውስጥ ነበረች ማለት ሊሆን ይችላል። ቃሉ አልቆ ጥቂት ዝምታ ከተሰማ በኋላ ከቆመ ደግሞ፣ ዝም ያለች መስሎት መቅጃው ራሱ ዘግቶት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ደዋይዋ እስከ መጨረሻው የተናገረች ሊመስላት ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ «አስፈላጊ ከሆነ ራሷ ትደውላለች» ብለን ብንቀመጥ፣ እሷም «ነግሬያቸዋለሁ» ብላ ትቀመጣለች። ቶሎ ብላችሁ ያመለጡ ጥሪዎችን ዝርዝርና የመልእክት ሣጥኑን እዩ፤ መቆረጡን ያወቀች ሰው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ደግማ ትደውላለች። ሣጥኑ ከሞላ ግን ሁለተኛው መልእክቷ አይቀዳም፤ ስለዚህ የቆዩትን መዝግባችሁ አጽዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመዝገባችን ቼክ የሚመለከታቸው ሦስት አልማዞች ነበሩ። አንዷ የወር መዋጮዋን በቼክ የምትልክ አባል፣ ሁለተኛዋ በዓመት አንድ ጊዜ የምትረዳን ለጋሽ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ከችግር ጊዜ ፈንዳችን እርዳታ የተቆረጠላት እህት ናት። የሦስተኛዋ ቼክ ሦስት ሳምንት ሆኖት ገና ከባንክ አልወጣም ነበር። የሂሳብ ሰው ይህን ሲያይ «እሷው ናት» ይላል። ሆኖም የደወለችበት ቁጥር ከሦስቱም ጋር አይገጥምም። 240 ነው የሚጀምረው፤ ያ የሜሪላንድ ቁጥር መሆኑን እንጂ ማን እንደያዘው አይናገርም። ስልክ ደግሞ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሰደዳል፤ የሜሪላንድ ቁጥር ይዞ ቴክሳስ የሚኖር ስንት ዘመድ አለን!

እዚህ ላይ የሚመጣው ጉዳት ከቼኩ ገንዘብ በላይ ነው። አንዷን አልማዝ ደውለን «ስለተቆረጠልሽ እርዳታ ነው የደወልሽው?» ብንል፣ እሷም ለጋሿ ብትሆን፣ ሌላ አልማዝ እርዳታ መቀበሏን ነገርናት ማለት ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይደርሳል። ስለዚህ መልሳችሁ ስትደውሉ ያልተጨረሰውን ዓረፍተ ነገር እናንተ አትጨርሱላት። እንዲህ በሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ትናንት ከዚህ ቁጥር መልእክት ደርሶን ነበር፤ መጨረሻው ተቆርጧል። ከየት ነው የደወሉልን? ስለ ምን ነበር?» ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ደዋይዋ ራሷ ትሙላው።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ስልኩን ያነሣችው አልማዝ አልነበረችም፤ የሥራ ባልደረባዋ ናት። ቁጥሩ የሥራ ቦታዋ ነበር። «አልማዝን ፈልጌ ነበር፤ ስትመለስ በዚህ ቁጥር ትደውልልኝ» ከማለት በቀር ቼክ፣ ባንክ፣ ማኅበር የሚል ቃል አልወጣም። በእረፍት ሰዓቷ ደወለች።

እርዳታ የተቆረጠላት እህት ነበረች። ባንኩ ግን ቼኩን አልመለሰውም፤ መጀመሪያውኑ አልተቀበላትም። በማመልከቻዋ ላይ የጻፈችው ሁላችን የምንጠራትን ስም ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ ነው። አልማዝ ቤተሰብ ያወጣላት ስም ኖሯል። ይህ ከአንድ በላይ ስም ለምንይዝ ለኛ ሰዎች አዲስ አይደለም።

ግምታችንን ይዘን «ጠፍቶባት ይሆናል» ብለን ቼኩን ባንክ ደውለን አስቁመነው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ባንኮች ቼክ ለማስቆም ብዙውን ጊዜ ያስከፍላሉ፤ የሚታገደውም ለተወሰነ ጊዜ ነው፣ በአብዛኛው ለ6 ወር። እሷም በመካከሉ በሌላ ባንክ አስገብታው ቢሆን ተመልሶ በእሷም ላይ ክፍያ ሊያስከትል ይችላል። ቼኩ በእጇ ስላለ ግን ማስቆም አላስፈለገም። ይዛው መጣች፤ በላዩ ላይ «የተሰረዘ» ብለን ጽፈን ከጉርዱ ጋር አያያዝነው፣ በመታወቂያዋ ስም አዲስ ጻፍንላት፤ በመዝገቡም ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ሌላውን እንዲያመለክት አደረግን። ለጋሾቻችን ሂሳቡን ስታዩ የተሰረዘ ቼክ ካገኛችሁ፣ እንደዚህ ያለ ታሪክ ከኋላው አለ ማለት ነው።

ጥርጣሬ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። አጭር መልእክት ሆን ተብሎ እንድትደውሉ ማጥመጃ ሊሆን ይችላል። በ876 ወይም በ473 የሚጀምሩ ቁጥሮች የአሜሪካን ይመስላሉ፤ ግን የጃማይካና የግሬናዳ ናቸው፣ መልሶ መደወሉም እንደ ውጭ አገር ጥሪ ያስከፍላል። የምታውቁት ሰው እዚያ ከሌለ ተዉት። ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ራሱ ተመሳስሎ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ደዋዩ «ከባንክ ነኝ» ካለ በመልእክቱ ቁጥር ሳይሆን በባንክ ካርዱ ጀርባ ባለው ደውሉ። «አልማዝ ነኝ» ያለች ሰው ደግሞ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሂሳብ እንዲገባ ከጠየቀች፣ ዘግታችሁ በመዝገባችን ባለው ቁጥር መልሳችሁ ደውሉላት።

ቁጥሩ ጨርሶ ካልታየስ? ያን ጊዜ ለሦስቱም አልማዞች ተራ በተራ መደወል ነው፣ በዚያው ባልተሞላ ጥያቄ፦ «ሰሞኑን ለማኅበሩ ደውለሽ ነበር?» «አልደወልኩም» ካለች ስለ ጤናዋ ጠይቃችሁ ሰላም ብላችሁ መዝጋት፤ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

እናንተም መልእክት ስትተዉ ሰላምታውን አሳጥሩት። የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቀን ሳንጨርስ ነው መስመሩ የሚበጠሰው። ስም ከነአባት፣ ቀጥሎ የስልክ ቁጥር ቀስ ተብሎ ሁለት ጊዜ፣ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የማኅበራችን ስልክ ሲያነሣም ይህንኑ በአማርኛ ይጠይቃችኋል፤ ድምፁ የጸሐፊያችን ነው፣ አትደንግጡ።