የዱቤ መዝገብ ምን ይናገራል?

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ አበዳሪ የሰውን የብድር ነጥብ ያያል። ፋይኮ የተባለው የታወቀው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ነው። ደመወዝን አይለካም፤ ዕዳን በጊዜው የመክፈል ልማድን እንጂ።

አንዲት እህት እስከ 1,000 ዶላር በዱቤ የምትገዛበት ካርድ አላት እንበል። በየወሩ 900 ታወጣለች፤ በቀነ ገደቡም ሁሉንም ትከፍላለች። ታዲያ ነጥቧ ለምን ዝቅ አለ? ባንኩ ዕዳዋን ለመዝጋቢ ድርጅቶች የሚያስታውቀው ብዙውን ጊዜ የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ፣ እሷ ገና ሳትከፍል ነው። አበዳሪውም 900ውን አይቶ «እጅ አጥሯታል» ይላል። ሒሳቡ ሳይዘጋ 800ውን ብትከፍል ግን የሚታየው 100 ብቻ ነው፤ ነጥቧም ቀና ይላል።

ከዚህ የሚብሰው ክፍያን 30 ቀን ማሳለፍ ነው፤ መዝገቡ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል።