ትንሿ ሰንጠረዥ ትተየብ ወይስ ማሽን ያንብባት?

ከአሮጌ ሪፖርት ላይ ቁጥር እያወጣችሁ ኤክሴል ውስጥ ለምታስገቡ ሰዎች የሚሆን ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ።

አንድ የታተመ ገጽ ፊታችሁ አለ እንበል። የአምስት ጣቢያዎች የዝናብ መጠን ነው፤ 12 ወራት ወደ ታች፣ አምስት ጣቢያዎች ወደ ጎን፣ ከግርጌ የዓመቱ ድምር። 60 ቁጥር ማለት ነው። አንዱን አይቶ ለመጻፍ አራት ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉም በአራት ደቂቃ ያልቃል።

ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም በሰከንዶች ይጨርሳል። ነገር ግን ስካን ማድረጉ፣ ጠርዙን መከርከሙ፣ የተዛባውን ዓምድ ማቃናቱ የእናንተ ሥራ ነው። ከዚያ ደግሞ ማመሳከር አለ፤ ይህ በሁለቱም መንገድ አይቀርም። ፕሮግራሙ ከመቶ 99 ምልክት በትክክል አነበበ ቢባል እንኳ፣ 60 ቁጥሮች 240 ያህል ምልክት ስላላቸው ሁለት ሦስት ስህተት ይጠበቃል። የት እንዳሉ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ለአንዲት እንዲህ ላለች ገጽ እኔ እተይባለሁ።

በተለይ የሚያስቸግረው ሰረዝ ነው። ዝናብ በሌለበት ወር አታሚው ሰረዝ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ከዘለለው በስተቀኝ ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ቦታ ወደ ግራ ይሸሻሉ። ተያቢው ግን ሰረዙን ሲያይ ቆም ብሎ «ዜሮ ነው ወይስ ያልተመዘገበ?» ብሎ ይጠይቃል።

የሚተይብ ሰውም ይሳሳታል። ከተየባችሁ በኋላ ዓምዱን ደምራችሁ ከታተመው ድምር ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። 78ን 87 ብላችሁ ከሆነ ልዩነቱ 9 ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል፣ ነጥቡን ትታችሁ ካሰላችሁ። ማሽን 3ን 8 ብሎ ካነበበ 0.5፣ 5፣ 50 ወይም 500 ይበልጣል። የ112.4 ነጥብ ከጠፋማ ድምሩ ከአንድ ሺህ በላይ ይዘላል፤ ይሄ እንኳ አይደበቅም። የሦስት ጎረቤት ዓምዶች ድምር አብሮ ከተበላሸ ያን የጠፋ ሰረዝ ፈልጉ።

ድምር የማይዘው አንድ ነገር አለ፦ የአንድ ወር ቁጥር በሌላው ወር ረድፍ ከገባ ድምሩ አይለወጥም። ጣቢያዎቹ አዲስ አበባ አካባቢ ከሆኑ ትልልቆቹ ቁጥሮች ሐምሌና ነሐሴ ላይ መቀመጣቸውን በዓይን እዩ።

ገጾቹ አሥርና ሃያ ሆነው ቅርጻቸው አንድ ከሆነ፣ ኅትመቱም ጥርት ያለ ከሆነ፣ ማሽኑ ያዋጣል፤ ማስተካከያው አንዴ ተሠርቶ ለሁሉም ያገለግላል፣ የሰው ዓይን ደግሞ በዚያን ያህል ገጽ ይደክማል። የታተመ ድምር ከሌለ ግን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተይቡ፤ አንዱን ከሌላው ቀንሱና ዜሮ ያልሆነውን ቦታ ብቻ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ።