ከሲቪያችን ምን ይውጣ?



ብዙዎቻችን ከተመረቅን አሥራ አምስት ዓመት አልፎናል። ሲቪያችን ግን አሁንም ያኔ በጻፍነው ላይ እየተቀጠለ ነው። የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ስቀመጥ ዘጠኝ ገጽ ሲቪ ይደርሰኛል፤ አመልካቹ ዛሬ የሚሠራውን የማገኘው ግን አራተኛው ገጽ ላይ ነው።

የአንዲት የሕፃናት ሐኪም ባልደረባዬን ሲቪ አብረን እንዴት እንዳሳጠርነው ልንገራችሁ። ከተመረቀች 17 ዓመቷ ነው፤ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊነት ልታመለክት ነበር።

መጀመሪያ የወጣው ሁላችንም ያለን ነገር ነው። ኢንተርን ሆና በየዋርዱ ያሳለፈቻቸው ወራት በዝርዝር ተጽፈው ነበር። ያንን ሳይጨርስ የተመረቀ ሐኪም ስለሌለ እሷን ከሌላው አይለያትም። የሁለተኛ ደረጃ ሽልማቷም አብሮ ወጣ።

ቀጥሎ 14 የአጭር ሥልጠና ሰርተፊኬቶች ነበሩ። አብዛኞቹ የተሰጡባቸው የሕክምና መመሪያዎች ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ስለዚህ ወጡ። አልተነፍስ ላለ ጨቅላ ትንፋሽ የማስጀመር ሥልጠና ግን ቀረ፤ ምክንያቱም ዛሬ ራሷ አሠልጣኝ ናት።

የተከራከርነው በገጠር ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆና በሠራችባቸው ሁለት ዓመታት ላይ ነው። «ሐኪም የሆንኩት እኮ እዚያ ነው፤ እንዴት ላውጣው?» አለችኝ። እኔም «ሥራው ይቆይ፣ ዝርዝሩ ይውጣ» አልኳት። ተመላላሽ ታካሚ ማየት፣ ተረኛ መግባት፣ በቀዶ ሕክምና መርዳት የሚሉት ስድስት መስመሮች ወጡ። የሥራ መደቡ፣ የሆስፒታሉ ስምና የገባችበትና የወጣችበት ወርና ዓመት በአንድ መስመር ቀሩ። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተውን፦ ማዋለጃው ክፍል ውስጥ ለጨቅላ ሕፃናት የማሞቂያ ቦታ ማዘጋጀቷን። ለሌላ ሥራ ብታመለክት እሱም ይወጣ ነበር።

ያችን አንድ መስመር ግን አደራ እንዳታጠፏት። ሁለት ዓመት ከመሃል ከጎደለ ኮሚቴው የት እንደነበራችሁ መጠየቁ አይቀርም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሙያ ፈቃድ የምታወጡም የሥራ ልምዳችሁ ከቀጣሪው ይጣራል። ስለዚህ ሙሉው ሲቪ ቤት ይቀመጥ፣ አጭሩ ይላክ። የድሮ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎችንም አትጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ የግል ማኅደራችሁን አስፈልጎ አዲስ ማጻፍ ስንት ምልልስ እንዳለው ታውቁታላችሁ። ለማዕረግ ዕድገት የምታመለክቱ መምህራን ደግሞ የታተሙ ጥናቶቻችሁን ሳትቀንሱ አስገቡ።

የባልደረባዬ ዘጠኝ ገጽ ሦስት ሆነ። ከመላካችን በፊት ለማያውቃት ሐኪም ሰጥተን ሁለት ነገር ጠየቅነው፦ ዛሬ ምን ትሠራለች? ያልገባህ ዓመት አለ? የመጀመሪያውን ከአንደኛው ገጽ መለሰ፤ ለሁለተኛው «የለም» አለ። እኛም ላክነው።