መለያየት ፍቺ አይደለም፦ አንድ የቤተሰብ ሕግ የፈተና ጥያቄ እንዴት ይመለሳል?



ተማሪ ሳለሁ በቤተሰብ ሕግ ፈተና ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ የባልን በደል ዘርዝሬ ጽፌ ነበር። መምህሬ ከኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ጥፋቱን አካፍለሃል፤ ንብረቱ ግን እንዳለ ነው» ብለው መለሱልኝ። ዛሬ እኔም የተማሪዎችን ወረቀት ሳርም ያንኑ ስሕተት ደጋግሜ አገኛለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ አንድ የፈተና ጥያቄና መልሱን ነው። ለጥያቄው የተሰጠው ጊዜ 50 ደቂቃ ነው፤ ባለጉዳዮቹ ለፈተና የተፈጠሩ ናቸው።

ሁለት ሰዎች በ2003 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ከተማ በባህል ሥርዓት ተጋቡ። ባል ከጋብቻው በፊት በስሙ ያገኘው ሁለት ቃዳ መሬት ነበረው፤ ሩዝና ጤፍ ያመርትበታል። በትዳራቸው ጊዜ በከተማዋ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ሠሩ፤ ቤቱ የተመዘገበው በባል ስም ነው። በ2012 ዓ.ም. ተጣሉ። ሽማግሌዎች «ተለያይተው ይኑሩ» ብለው በጽሑፍ አስማሟቸው፤ ሚስት የዓመት ልጇን ይዛ አንድ ሰዓት በእግር ወደሚያስኬደው ወደ ወላጆቿ ቀበሌ ሄደች። ትልቋ ልጅ ለትምህርት ከአባቷ ዘንድ ቀረች። ባል በየዓመቱ ጤፍ ይልክ ነበር፤ ሁለቱም ሌላ ትዳር አልመሠረቱም። በ2014 ዓ.ም. ባል ባጃጅ ገዛ። በ2016 ዓ.ም. ሚስት ለወረዳው ፍርድ ቤት የፍቺ አቤቱታ አቀረበች። ሴቷ ልጅ 12፣ ወንዱ 5 ዓመት ሆኗቸዋል። ባል «ቤቱ በስሜ ነው፤ ባጃጁን የገዛሁት ከተለያየን በኋላ ነው፤ ቤቷን ጥላ የሄደች እናት ልጅ አይገባትም» ሲል ይከራከራል።

የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ብዕር ሳታነሡ ለሕጉ ምርጫና ለዘመን ቅደም ተከተሉ ስጡ። ብዙ ተማሪዎች በቃላቸው የያዙትን የተሻሻለውን የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን፣ ይጠቅሳሉ። ይህ ሕግ ተፈጻሚ የሚሆነው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ለአንበሳሜው ጉዳይ የሚያገለግለው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በመሠረታዊ መርሖዎቹ ከፌዴራሉ ጋር ይቀራረባል፤ ሆኖም በተሳሳተ ሕግ ላይ የተገነባ መልስ መሠረቱ አይጸናም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ጋብቻው መቼ ፈረሰ የሚለው ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያስማማል፤ ጋብቻን ግን አያፈርስም። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የሆነው መለያየት ብቻ ነው፤ ባጃጁም የተገዛው በጋብቻ ውስጥ ነው። በእርግጥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ተጋቢዎች ለረጅም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት በመሠረቱባቸው ጉዳዮች፣ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔም ጋብቻው እንደፈረሰ የቆጠረበት አጋጣሚ አለ። ጥሩ ተማሪ ይህን ያነሣና ከፍሬ ነገሩ ጋር ያመዛዝነዋል፤ እዚህ የሚላከው ጤፍ እና ሌላ ትዳር አለመኖሩ ግንኙነቱ እንዳልተቋረጠ ያስረዳሉ።

ወደ ንብረቱ እንለፍ። በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የግል ነው የሚል እርሱ ያስረዳል። ስለዚህ «በስሜ ነው» የሚለው ክርክር ብቻውን ቤቱን የግል አያደርገውም። በመሬቱ ላይ ግን ይዞታውንና ገቢውን ለዩ። ከጋብቻ በፊት የተገኘው ይዞታ የባል ነው፤ ምርቱ ግን የጋራ ገቢ ነው። የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም ተሰጥቶ ከሆነ መልሱ ስለሚለወጥ፣ «ደብተሩ ይቅረብ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ነጥብ አያጣም።

ቤቱ 600,000፣ ባጃጁ 300,000 ብር ተገመቱ እንበል፤ ለባጃጁ ግዢ የተወሰደ 60,000 ብር ያልተከፈለ ብድርም አለ። ንጹሑ 840,000 ስለሚሆን የእያንዳንዳቸው ድርሻ 420,000 ነው። ክፍፍሉ በተቻለ መጠን በዓይነት ይሁን ከተባለ፣ ሚስት ቤቱን፣ ባል ባጃጁን ከነዕዳው ይወስዳሉ። የባል እጅ 240,000 ስለሚሆን ሚስት 180,000 ብር ታሟላለች። ማሟላት ካልቻለችና ካልተስማሙ ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል። ሁለቱንም አማራጭ ጻፉ።

ንብረቱን ያስቀደምሁት በምክንያት ነው። ጥያቄው ስለ ልጆቹ በቅድሚያ ቢጠይቅም፣ ልጆቹ የት ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚታወቀው ቤቱ ለማን እንደሚደርስ ሲታሰብ ነው። የልጆቹ ጥቅም ቤቱ ለማን ይሰጥ የሚለውን ሊያመዝን ይችላል፤ የድርሻውን እኩልነት ግን አይነካም።

ስለ ልጆች አስተዳደግ አንድ ወጥመድ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ልጅ እስከ አምስት ዓመት ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ይህን ያነበበ ተማሪ «ልጁ አምስት ስለሞላው ለአባቱ» ብሎ ይደመድማል። ያ ድንጋጌ ዛሬ አይሠራም። የአሁኑ መለኪያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2)፣ የልጁ ጥቅም ነው። ሰበር ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 23632፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት የሰጡትን ልጅ፣ ላሳደገችው አክስት እንዲመለስ ሲወስን የተመራው በዚሁ ነው። አባትነት እንኳ ብቻውን ካልበቃ፣ «ጥላ ሄደች» የሚለው ወቀሳ በምን መንገድ ይበቃል? የሚመዘነው የወላጆች ገቢ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹም ዕድሜና ፍላጎት ነው። የ12 ዓመቷ ልጅ ሐሳብ ይደመጥ፤ ትምህርቷ አንበሳሜ መሆኑ ይታሰብ። እናት የከተማውን ቤት ካገኘች ሁለቱ ልጆች ሳይነጣጠሉ፣ ትምህርትም ሳይቋረጥ፣ ከእርሷ ጋር ሊኖሩ ይችላሉ፤ አባትም በዚያው ከተማ ይጎበኛቸዋል።

ቀለብ የሚወሰነው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው። ሕጉ ቀመር ስላልሰጠ ምክንያቱን እናንተ አሳዩ። የሁለቱ ልጆች ወጪ በወር 4,000፣ የባል ገቢ 9,000፣ የሚስት 3,000 ብር ቢሆን፣ ሦስት ለአንድ ተመጣጥኖ አባት 3,000፣ እናት 1,000 ይሸከማሉ። የባጃጅ ገቢ የየዕለት፣ የሩዝ ገቢ ደግሞ የአዝመራ በመሆኑ፣ ከፊሉ በየወሩ፣ ከፊሉ በአዝመራ ጊዜ እንዲከፈል መጠየቅ ትእዛዙ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ያደርጋል።

ካረምኋቸው ወረቀቶች ብልጥ መስሎ የሚታየው ስሕተት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። «ሚስት የምታሟላው 180,000 ብር አለ፤ ባልም ቀለብ አለበት፤ ስለዚህ ይቻቻል» ይላሉ። በወር 3,000 ቢታሰብ አባት አምስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይከፍል ይኖራል ማለት ነው። ዕዳው የእናት ነው፤ ቀለቡ የልጆች። በእናታቸው ዕዳ የልጆች ምግብ አይያዝም። ችግረኛዋ እናት ቤቱን ላለማጣት ስትል ራሷ ይህን ሐሳብ ልታቀርብ ትችላለች፤ ያኔም ዳኛው የሚጠብቀው በችሎቱ ያልቆሙትን ሁለት ልጆች ነው። ለእርሷ የሚሻለው 180,000ውን በጊዜ ገደብ ከፋፍላ እንድትከፍል መጠየቅ ነው።

በመጨረሻ አምስት ደቂቃ አስተርፉና መልሳችሁን መልሳችሁ አንብቡ። በንብረቱ አንቀጽ ውስጥ ጥፋት፣ በልጆቹ አንቀጽ ውስጥ ቅጣት፣ በቀለቡ አንቀጽ ውስጥ የወላጅ ዕዳ ካገኛችሁ ሰርዙት።