ከ3,000 ዩሮ ላይ የጎደለው 21,452 ብር ከ50 ሳንቲም የት ሄደ?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከሒሳብ ክፍል የምናቀርበው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወዳጆቻችን ለእርባታ በጎች መግዣ 3,000 ዩሮ ላኩልን። ከመላካቸው በፊት የባንካችንን ቅርንጫፍ ጠይቀን ነበር፤ የዕለቱ የዩሮ መግዣ ዋጋ 150 ብር ነው ተባልን። ገንዘቡ በገባበት ዕለትም በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ያው 150 ብር ነበር። ስለዚህ 450,000 ብር ጠበቅን። የገባልን ግን 428,547 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። የጎደለው 21,452 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በእኛ ገበያ ይህ ለሁለት አባላት የሚደርስ በግ ነው፤ ለላኪዎቻችንም መልስ የሚሰጥበት ገንዘብ ነው።

ወደ ደብዳቤው ከመግባታችን በፊት፣ ይህ ጥያቄ ድሮ ለምን እንዳልነበረ እንናገር። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ስለነበር፣ በባንክና በባንክ መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋውም በየቀኑ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ «ዋጋው ስንት ነው» ብቻ ማለት አይበቃም። የየትኛው ቀን፣ የየትኛው ገንዘብና የየትኛው ረድፍ ዋጋ እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ረድፍ ያልነው ይህን ነው። የባንክ ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ የውጭ ገንዘብ መግዣና መሸጫ አለ። ነጋዴው ከእኛ በግ ሲገዛና ያንኑ በግ አዲስ አበባ ወስዶ ሲሸጥ ሁለት ዋጋ እንዳለው ማለት ነው። እኛ ዩሮ ይዘን ስንመጣ የሚመለከተን ባንኩ የሚገዛበት ዋጋ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ባንኮች ለጥሬ ገንዘብና በሐዋላ ለሚመጣ ገንዘብ የተለያየ ረድፍ አላቸው። በእጅ ለሚቀርብ ኖት አንድ ዋጋ፣ ከባንክ ወደ ባንክ ለሚተላለፍ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይለጠፋል።

ቅርንጫፉ የሰጠን የገቢ ማሳወቂያ ወረቀት የሚያሳየው የብሩን ድምር ብቻ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው 428,547.50ን ለ3,000 ማካፈል ነው። 142 ብር ከ85 ሳንቲም ወጣ። ይህን ቁጥር ይዘን የዕለቱን ሰሌዳ ስናይ፣ በየትኛውም ረድፍ የለም። በጥሬ ገንዘቡም በሐዋላውም የዩሮ መግዣ ውስጥ አላገኘነውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተረዳን። ያገኘነው ዋጋ ሰሌዳው ላይ ካለ፣ ጉዳዩ የረድፍ ወይም የቀን ጉዳይ ነው። ሰሌዳው ላይ ከሌለ ግን፣ ገንዘቡ በመንገድ ላይ ሌላ ነገር አግኝቶታል ማለት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ስንጽፍ «ገንዘባችንን መልሱልን» አላልንም። ማን እንደወሰደው ገና አላወቅንምና። የምንፈልገው ማስረጃ ነበር። የጻፍነው እንዲህ ይላል፦

«ለባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ ከውጭ የተላከልን 3,000 ዩሮ የተመነዘረበት ዋጋ እንዲብራራልን ስለመጠየቅ

ማኅበራችን በቅርንጫፋችሁ ባለው ሒሳብ በቀን … ከውጭ አገር 3,000 ዩሮ እንደተላከለት የላኪው ባንክ ደረሰኝ ያሳያል። በዕለቱ በቅርንጫፋችሁ የተለጠፈው የዩሮ የሐዋላ መግዣ ዋጋ 150 ብር ሲሆን፣ ለሒሳባችን የገባው 428,547.50 ብር ነው። ይህም ለአንድ ዩሮ 142.85 ብር ይሆናል። ስለዚህ የሚከተሉት እንዲገለጹልን በአክብሮት እንጠይቃለን፦

1ኛ. ገንዘቡ ለባንካችሁ የደረሰው በምን ዓይነት ገንዘብ፣ በስንት መጠንና በየትኛው ቀን ነው?
2ኛ. የተመነዘረው በየትኛው ቀንና በየትኛው ረድፍ ዋጋ ነው?
3ኛ. የተቀነሰ የአገልግሎት ክፍያ ካለ ስንት ነው፣ የቀነሰውስ የትኛው ባንክ ነው?
4ኛ. ገንዘቡ የመጣበት የስዊፍት መልእክት ቅጂ እንዲሰጠን።

የላኪው ደረሰኝና የዕለቱ የዋጋ ሰሌዳ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከሰላምታ ጋር።»

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ሄደ። በአንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተምና ቀን አስደርገን መለስን። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀን የሌለው አቤቱታ በኋላ ደረሰ ወይስ አልደረሰም ያሰኛል። የሰሌዳውን ቅጂም በዕለቱ ከባንኩ ድረ ገጽ አትመን ይዘን ነበር፤ ዋጋው በየቀኑ ስለሚለወጥ ከሰነበተ በኋላ ማግኘት ያስቸግራል።

መልሱ ከስዊፍት መልእክቱ ቅጂ ጋር መጣ። ይህ መልእክት ባንኮች እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉት ነው፤ ብዙው ለእኛ አያስፈልገንም። ሦስት መስመሮች ግን ሁሉን ነገሩን። 33B በሚለው መስመር ላኪዎቻችን ያዘዙት አለ፦ 3,000 ዩሮ። 32A በሚለው መስመር በባንኮቹ መካከል በእውነት የተላለፈው አለ፦ 3,335 ዶላር። 71A የሚለው መስመር የአገልግሎት ክፍያውን ማን እንደሚችል ይናገራል፤ እዚያ ላይ SHA ተጽፏል፤ ላኪና ተቀባይ ይካፈሉ ማለት ነው። ሌሎቹ ሁለት ምርጫዎች OUR፣ ሁሉን ላኪ ይክፈል፣ እና BEN፣ ሁሉን ተቀባይ ይቻል፣ ናቸው።

እንግዲህ ገንዘቡ አገራችን የገባው በዩሮ አልነበረም። እዚያው ማዶ ወደ ዶላር ተለውጦ ነው የመጣው። ስለ ዩሮ ዋጋ የጠየቅነው ጥያቄ ትክክል ቢሆንም፣ ቅርንጫፉ የመነዘረው ዶላር ነው። ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ተፈታ፤ ጉድለቱም በሦስት ተከፈለ።

የመጀመሪያው ክፍል ዩሮው ወደ ዶላር የተለወጠበት ነው። መልእክቱ እንደሚያሳየው አንዱ ዩሮ 1.12 ዶላር ተደርጎ 3,360 ዶላር ሆነ። በዕለቱ የባንካችን የዶላር የሐዋላ መግዣ 130 ብር ስለነበር፣ ይህ 436,800 ብር ነው። ዩሮው ሳይለወጥ ቢመጣ 450,000 ብር ይሆን ነበር። ስለዚህ 13,200 ብር በዚህ ለውጥ ላይ ቀረ። ከጉድለቱ ትልቁ ይህ ነው፤ የእኛ ቅርንጫፍ ግን እጁ የለበትም።

ሁለተኛው ክፍል መንገድ ላይ ያለ አገናኝ ባንክ የቀነሰው 25 ዶላር ነው። በ130 ሲባዛ 3,250 ብር ይሆናል። SHA ስለተባለ ይህን የቻልነው እኛ ነን።

ሦስተኛው ክፍል የቅርንጫፉ ነው። የገባልንን 428,547.50 ብር ለ3,335 ዶላር ስናካፍል 128 ብር ከ50 ሳንቲም ይወጣል። ይህ ቁጥር አሁን ሰሌዳው ላይ አለ፤ ግን በጥሬ ገንዘብ መግዣ ረድፍ ነው። በሐዋላ የመጣው ገንዘብ በኖት ዋጋ ተመንዝሯል። በአንድ ዶላር 1 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በ3,335 ዶላር 5,002 ብር ከ50 ሳንቲም ጎደለ። ሦስቱን ስንደምር 21,452 ብር ከ50 ሳንቲም፣ አንድም ሳንቲም ሳይተርፍ ሳይጎድል ገጠመ።

ሁለተኛው ደብዳቤያችን አጭር ነበር። የጠየቅነው ይህን ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁም መዝገባቸውን አይተው አረሙት፤ 5,002 ብር ከ50 ሳንቲም ወደ ሒሳባችን ገባ። መጀመሪያ ላይ ሙሉውን 21,452 ብር ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፣ «እኛ ዩሮ አልደረሰንም» በሚል እውነተኛ መልስ ነገሩ ይዘጋብን ነበር።

ቅርንጫፉ ባይመልስልንስ? ብሔራዊ ባንክ በእ.ኤ.አ. 2020 ያወጣው የፋይናንስ ተገልጋዮች ጥበቃ መመሪያ አለ። ባንኮች ዋጋና ክፍያቸውን እንዲገልጹ፣ ቅሬታም ተቀብለው እንዲያስተናግዱ ያዛል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከቅርንጫፍ ወደ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ባንክ ነው። በየደረጃው የሚጠየቀው ማህተም ያረፈበት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። አቤቱታችን የሚቆመው ባንኩ ራሱ በለጠፈው ዋጋ ላይ ነው። በመንገድ ላይ የሰማነውን የጥቁር ገበያ ዋጋ ጠቅሰን የምንጽፈው ደብዳቤ የሚሄድበት ቦታ የለም።

የቀረው 16,450 ብር አይመለስም። ለሚቀጥለው ግን መከላከል ይቻላል፤ ይህንም የምንናገረው ለደጋፊዎቻችን ነው። ባንካችሁ ስትሄዱ ገንዘቡ በዩሮ እንዲወጣና በዩሮ እንዲደርስ እዘዙ፤ በቅጹ ላይ ዶላር የሚል ምርጫ አትንኩ። በባንካችን በኩል ዩሮ የሚቀበልለትን አገናኝ ባንክ ስምና ኮድ እኛ ከቅርንጫፉ በጽሑፍ ተቀብለን እንልክላችኋለን፤ እርሱ ካልተጻፈ ገንዘቡ በሌላ መንገድ ሊዞር ይችላል። የአገልግሎት ክፍያውን OUR በሉት፤ እናንተ ትንሽ ትጨምራላችሁ፣ የተላከው ግን መንገድ ላይ እንዳይሸራረፍ ይረዳል። ከሁሉ በላይ የስዊፍት መልእክቱን ቅጂ ከባንካችሁ ጠይቃችሁ ላኩልን። ያን ጊዜ የታዘዘውና በባንኮቹ መካከል የተላለፈው ቁጥር አንድ መሆኑን ገንዘቡ ሳይመነዘር እናያለን።

በመዝገባችን ላይ የተጻፈው እንደሚከተለው ነው። የተላከው 3,000 ዩሮ፤ ባንኩ ካረመው ጋር የገባው 433,550 ብር፤ በመንገድ ላይ የቀረው 16,450 ብር ለብቻው መስመር ተሰጥቶት ከነምክንያቱ ሰፍሯል። የሁለቱ ደብዳቤዎች፣ የመልሱና የስዊፍት መልእክቱ ቅጂ በሒሳብ ክፍላችን ፋይል ውስጥ አለ። ማየት የምትፈልጉ አባላት በሥራ ቀን ብቅ በሉ፤ አብረን እናካፍላለን፣ አብረን እናባዛለን።