የጥበቃው ስልክ



በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ከተመረቀ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ከተከፈተ ወዲህ፣ የኢንተርንሺፕ ጊዜ ሲደርስ የአካባቢያችን ተማሪ ዓይኑን ወደ ቡሬ ይጥላል። «ተለማማጅ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ግን እምብዛም አያገኝም። ምክንያቱም ልምምድ በጀት የተያዘለት የሥራ መደብ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሰው ኃይል ክፍል የትብብር ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ አንድ የክፍል ኃላፊ ይመራዋል። ኃላፊው «የሚያሳየው ሰው የለኝም» ካለ፣ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ የሚፈለገው ያ የክፍል ኃላፊ ነው።

እስቲ አንዲት የፍኖተ ሰላም ልጅ እናስብ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት። ቤተሰቧ «አጎትሽ ትልቅ ሰው ያውቃል» ይላታል። እኔ ብሆን አጎትየውን ለጊዜው እተወዋለሁ። ትልቅ ሰው ደውሎ ያስገባት ተለማማጅ በክፍሉ ሰው ዘንድ የተጫነች ዕቃ ናትና፣ ወንበር ሰጥተው ይረሷታል። የእናቷ ዕድርተኛ ልጅ ግን እዚያው ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃ ነው። እሱን «አስገባኝ» አትለውም። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ማሽኑ እየሠራ ነው ወይስ በጥሬ ዕቃ እጥረት ቆሟል? አምና ተማሪዎቹን ያሠራ የነበረውስ ማን ነው? የቆመ ፋብሪካ ውስጥ አራት ወር መቀመጥ ሪፖርት አያስጽፍም።

ቀጥላ አምና ለልምምድ እዚያ የወጣ ሲኒየሯን ትፈልጋለች። የክፍል ኃላፊውን ስልክ የሚሰጣት እሱ ነው፤ ኃላፊውን አስፈቅዶ ቢሰጣት ደግሞ ይሻላል። መልእክቷን በቴሌግራም ብቻ አትላክ። ዳታ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን እናውቀዋለን፤ ተራ የስልክ መልእክት ይደርሳል። እንዲህ ትበል፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። እኔ እገሊት እባላለሁ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስልክዎን የሰጠኝ አምና እርስዎ ጋ የተለማመደው እገሌ ነው። ከየካቲት ጀምሮ አራት ወር በማጣሪያ ክፍሉ መለማመድ እፈልጋለሁ። ማደሪያዬ ቡሬ ዘመድ ቤት ነው። ደብዳቤ ከማጻፌ በፊት ዘንድሮ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ቢነግሩኝ። ካልተመቸዎት የሚመለከተውን ሰው ይጠቁሙኝ። አመሰግናለሁ።»

ልብ በሉ፤ «እባክዎ ይርዱኝ» የለም፣ የነጥብ ውጤትም የለም። ማን እንደላካት፣ ለስንት ጊዜ እንደምትቆይ፣ የት እንደምታድር ግን አለ። ኃላፊውን የሚያሳስበው ይኸው ነው። መልስ ከሌለ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ትደውል፤ ከዚያ ትተወው።

«እሺ» ካላት ደብዳቤዋ «ለሚመለከተው ሁሉ» አይባል። የድርጅቱና የክፍሉ ስም ይጻፍበት። ዋናውን ለሰው ኃይል ክፍል አስገብታ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥር ታስመታ።

ጥበቃውንም ሄዳ ታመስግነው፤ የከርሞውን ተማሪ የሚጠቁመው እሱ ነው።